ራስና ትከሻ፤ የዋጋ መውደቂያ ምልክትና አለካኩ

ቡና ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ ውል ሲዋዋል ብዙ ጊዜ የኒውዮርክን ገበያ ዋጋ መነሻ ያደርጋል። ዋጋው ኋላ እንዲቆረጥ የተተወ ውል በእጁ ያለ እንደ ሆነ፣ ዛሬ ይቁረጥ ወይስ ይቆይ የሚለው ጥያቄ ዕለት ዕለት ይገጥመዋል። ለዚህ ጥያቄ ከሚመረመሩት የዋጋ ሥዕሎች አንዱ «ራስና ትከሻ» የተባለው ነው።

ሥዕሉ የሚገኘው ዋጋ ለረዥም ጊዜ ከወጣ በኋላ ነው። ለምሳሌ ቡና በፓውንድ ከ160 የአሜሪካ ሳንቲም ተነሥቶ 230 ደረሰ እንበል፤ ይህ ግራ ትከሻ ነው። በ4ኛው ሳምንት ወደ 210 ወረደ፤ በ6ኛው 250 ደረሰ፤ ይህም ራስ ነው። በ8ኛው ሳምንት ወደ 214 ተመልሶ፣ በ10ኛው 232 ላይ ቆመ፤ ይህ ቀኝ ትከሻ ነው። ሁለቱን ዝቅታዎች፣ 210ንና 214ን፣ የሚያገናኘው መስመር የአንገት መስመር ይባላል።

ልኩ የሚወሰደው ከራሱ ጫፍ በቀጥታ ወደ ታች፣ በዚያው ሳምንት መስመሩ እስካለበት ድረስ ነው። መስመሩ በየሳምንቱ 1 ሳንቲም ስለሚወጣ በ6ኛው ሳምንት 212 ላይ ነበረ፤ ቁመቱም 38 ሳንቲም ይሆናል። ዋጋው መስመሩን በ12ኛው ሳምንት ቢሰብር፣ መስመሩ በዚያን ጊዜ 218 ላይ ስለሚገኝ፣ ከዚያ ላይ 38 ሲቀነስ ግቡ 180 ነው። ይሁን እንጂ ሥዕሉ ሊሽር የሚችለው ከእርሱ በፊት የነበረውን ጭማሪ ብቻ ነው፤ ጭማሪው የጀመረው ከ195 ቢሆን ኖሮ 180ን መጠበቅ ባልተገባ ነበር።

መስመሩ ሳይሰበር ሥዕሉ አልተፈጸመም፤ ዋጋው ከ214 ተነሥቶ እንደ ገና ሊወጣ ይችላልና አስቀድሞ መቸኮል ያስከስሳል። ኤድዋርድስና ማጊ በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የመዝጊያው ዋጋ ከመስመሩ በታች 3 ከመቶ ያህል እስኪወርድ መጠበቅን መክረዋል፤ በምሳሌው ይህ 211 ሳንቲም ግድም ነው። ከ211 እስከ 180 ያለው የ31 ሳንቲም ልዩነት በአንድ ኮንቴይነር፣ ማለት በ19,200 ኪሎ ቡና፣ ወደ 13,000 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋል።

ዋጋው ከተሰበረ በኋላ ወደ መስመሩ ተመልሶ መንካቱ የተለመደ ስለሆነ ብቻውን ምልክቱን አይሽርም። ከመስመሩ በላይ ወጥቶ ሲዘጋ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ከቀኝ ትከሻው ጫፍ፣ ከ232 በላይ፣ የዘጋ እንደ ሆነ ግን ምልክቱ ፈርሷል፤ 180ም ግብነቱ ቀርቷል። ስለዚህ ሥዕሉን ተከትሎ ውሉን የሚቆርጥ ነጋዴ 180ን ሲመዘግብ 232ንም አብሮ መመዝገብ ይገባዋል።