«ምንጭ ጠቅሻለሁ፣ ታዲያ ለምን ኮፒ ተባልኩ?»

ካዛንቺስና ቂርቆስ አካባቢ የምትማሩ የነርሲንግ ተማሪዎች በኢንቦክስ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ይህንን ነው። ምንጭ መጥቀስ ብቻውን አያድንም።

በምሳሌ እንየው። የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ ከዳሰሳው በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከተወለዱ ሕፃናት 26 በመቶው በጤና ተቋም መወለዳቸውን ይገልጻል። ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ወስዳችሁ «ሕፃናት»ን በ«ጨቅላዎች»፣ «ተቋም»ን በ«ድርጅት» ብትተኩ አወቃቀሩ ያው የሌላ ሰው ነው። «ጤና ድርጅት» ደግሞ ሌላ ነገር ሆኖ አረፈው!

ይልቅ አንብቡና ፋይሉን ዝጉት። የገባችሁን በራሳችሁ አነጋገር ጻፉ፤ ከዚያ መልሳችሁ ከፍታችሁ ቁጥሩን አመሳክሩ። ለምሳሌ፦

«ከአራት ወሊዶች ሦስቱ ገደማ ከጤና ተቋም ውጭ ነበሩ (ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እና አይሲኤፍ፣ 2016)።»

ቃሉ የእናንተ ቢሆንም ግኝቱ የእነሱ ነው፤ ስለዚህ ጥቅሱ አይቀርም።

በኤፒኤ ስልት በማጣቀሻ ዝርዝሩ የሪፖርቱ መግለጫ በጥቅሱ ውስጥ ባለው የጸሐፊ ስም ይጀምራል፤ ዓመቱ በቅንፍ፣ ቀጥሎ የሪፖርቱ ርዕስ። አሳታሚው ጸሐፊው ራሱ ከሆነ ስሙ አይደገምም። በጽሑፉ ውስጥ «ሲኤስኤ» ብላችሁ በዝርዝሩ ሙሉ ስሙን ብቻ ካስቀመጣችሁ አንባቢ አያገናኛቸውም። ምህጻሩን መጀመሪያ ስትጠቅሱ ከሙሉ ስሙ ጋር አስተዋውቁት።

ዓመቱንም ልብ በሉ፤ 2016 እዚህ የፈረንጅ ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር አትቀይሩት፣ ሰነዱ ላይ እንደታተመው ይቀመጥ።

የከበዳችሁን አንቀጽ ከነምንጩ ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ አብረን እናየዋለን።