የአቅርቦት ሰንሰለት ምዕራፍ በካርድ ሲጠና

የአቅርቦት ሰንሰለት ምዕራፍ ወደ ጥያቄና መልስ ካርድ የሚለወጠው አንድ ጊዜ በሙሉ ከተነበበ በኋላ ነው። እያነበቡ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የመጽሐፉን ዐረፍተ ነገር እንዳለ ይገለብጣሉ።

የክምችት ቁጥጥር ክፍል ጥሩ ምሳሌ ነው። «የዳግም ማዘዣ ነጥብን አብራራ» የሚል ካርድ ብዙም አይጠቅምም፤ መልሱ ረጅም ስለሚሆን ተማሪው ግማሹን አስታውሶ «አውቄዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል። ጥያቄው መከፋፈል አለበት። የአንደኛው ካርድ ፊት «አዲስ ትእዛዝ የሚላከው ክምችቱ ስንት ሲደርስ ነው?» ይላል። ጀርባው ላይ የቀን ፍጆታ በማድረሻ ቀናት ተባዝቶ መጠባበቂያ ክምችት እንደሚደመርበት ይጻፋል። ሁለተኛው ካርድ «መጠባበቂያው ለምን ይደመራል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ ፍጆታው ሊጨምር፣ ዕቃውም ሊዘገይ ስለሚችል ነው።

ሦስተኛው ካርድ ስሌት ነው። አንድ መጋዘን በቀን 40 ካርቶን ሳሙና ያወጣል፤ አቅራቢው በ5 ቀን ያደርሳል፤ መጠባበቂያው 60 ካርቶን ነው። 40 በ5 ተባዝቶ 60 ሲደመርበት 260 ካርቶን ይመጣል። ችግሩ ካርዱ ሲደጋገም ቁጥሩ ብቻ መሸምደዱ ነው። ማድረሻው 8 ቀን ቢሆን ተብሎ ሲጠየቅ 380 ማለት ያቃተው ተማሪ ስሌቱን ገና አልያዘም። ስለዚህ ጀርባው ላይ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ደረጃዎቹን መጻፍ፣ ቁጥሮቹንም በየጊዜው መቀየር ይሻላል።

ዕቃው ከፋብሪካ እስከ ሱቅ የሚሄድበት ሥዕላዊ መግለጫ ግን ለካርድ አይመችም። እሱን መጽሐፉን ዘግቶ በባዶ ወረቀት ላይ መሣል ይበልጣል።