አልቢኒዝም፦ የሜላኒን ማነስ እንጂ የተለየ ዘር አይደለም

ዝነኛው ማሊያዊ ድምፃዊ ሳሊፍ ኬይታ በ1949 እ.ኤ.አ. ሲወለድ ቆዳው ነጭ ነበር። ወላጆቹ ጥቁሮች ናቸው። ቤተሰቡም የማሊን ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ከመሠረተው ከሱንጃታ ኬይታ የሚቆጠር የማንዲንካ ቤተሰብ ነው። ቆዳው በመንጣቱ የሳሊፍ የዘር ሐረግ አልተቆረጠም፤ አያቶቹም ቋንቋውም የማንዲንካ ናቸው። ከሌሎቹ የቤተሰቡ አባላት የለየው ሜላኒን የሚባለው ቀለም ማነሱ ብቻ ነው።

ሜላኒን ለቆዳ፣ ለፀጉርና ለዓይን መልክ የሚሰጥ ቀለም ነው። የሚሠሩት ሜላኖሳይት የሚባሉ ሴሎች ናቸው። አልቢኒዝም ያለበት ሰው እነዚህ ሴሎች አሉት፤ ቁጥራቸውም እንደ ማንኛውም ሰው ነው። ችግሩ ሥራው ላይ ነው። ሴሎቹ ታይሮሲን ከሚባል ንጥረ ነገር ተነሥተው ሜላኒን እስኪሠሩ ድረስ በርካታ እርከኖች ያልፋሉ፤ እያንዳንዱን እርከን የሚያዝ ዘረ መል አለ። ከእነዚህ አንዱ ሲበላሽ ቀለሙ ይቀንሳል ወይም ጭራሽ አይሠራም። በአፍሪካ በብዛት የሚታየው ዓይነት ሁለት በሚባለው አልቢኒዝም ጥቂት ቀለም ስለሚሠራ ፀጉሩ ብዙውን ጊዜ ወደ ቢጫ ያደላል።

ጥቁር እናትና ጥቁር አባት እንዴት ነጭ ልጅ ይወልዳሉ? ማንኛችንም ከእያንዳንዱ ዘረ መል ሁለት ሁለት ቅጂ አለን፤ አንዱ ከእናት፣ ሌላው ከአባት የመጣ። አንዱ ቢበላሽ ጤናማው ሥራውን ስለሚሸፍን ተሸካሚው ሰው ምንም ምልክት አይታይበትም፤ መሸከሙንም አያውቅም። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል ልጁ ሁለቱንም የተበላሹ ቅጂዎች ይወርሳል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ በየቦታው እናት «ከፈረንጅ ወልዳ ነው» እየተባለች ትታማለች። ሐሜቱ ከእውነት የራቀ ነው፤ በተለመደው የአልቢኒዝም ዓይነት አባትም የበኩሉን የተበላሸ ቅጂ ካልሰጠ ልጁ እንዲህ ሆኖ አይወለድም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያጠራው እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ፓትሪክ ትሬቨር ሮፐር በ1952 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው ጉዳይ ነው። ባልና ሚስቱ ሁለቱም አልቢኒዝም አለባቸው፤ ልጆቻቸው ግን የተለመደ ቀለም ይዘው ተወለዱ። ምክንያቱ የአባትና የእናት ብልሽት የተለያየ ዘረ መል ላይ መሆኑ ነው። አንዱ ቤት ወፍጮው፣ ሌላው ቤት ምጣዱ ተሰብሯል እንበል። በየራሳቸው እንጀራ ሊጋግሩ አይችሉም፤ ሲገናኙ ግን ካንዱ ምጣድ፣ ከሌላው ወፍጮ ይገኛልና እንጀራው ይጋገራል። አልቢኒዝም ብሔር ወይም ዘር ቢሆን ኖሮ የእነዚህ ወላጆች ልጆች በሙሉ እንደ ወላጆቻቸው በሆኑ ነበር። ዘር ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወርድ የጋራ ታሪክ ነው፤ አልቢኒዝም ግን በኦሮሞም፣ በአማራም፣ በጃፓናዊም፣ በኖርዌያዊም ቤት ይወለዳል።

የሕክምና ጉዳይ መሆኑ ከቆዳ ይልቅ ዓይን ላይ ጎልቶ ይታያል። ፅንሱ በማሕፀን ሲያድግ የዓይን አሠራር ሜላኒን ይፈልጋል። ቀለሙ ሲያንስ ጥርት አድርጎ የሚያየው የሬቲና ማዕከል በቅጡ አይዳብርም፤ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱት ነርቮችም አቅጣጫቸውን ይስታሉ። ስለዚህ ዓይን ያለ ፈቃድ ይወዛወዛል፣ ብርሃን ያስቸግረዋል፣ ከሩቅ ማየትም ይከብዳል። መነጽር ይረዳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያስተካክልም። የሳሊፍ ልጅ ናንተኒን ኬይታም አልቢኒዝም አለባት፤ ለፈረንሳይ በፓራሊምፒክ የሮጠችው ማየት ከሚያዳግታቸው አትሌቶች ጋር ነው። ጥቁር ሰሌዳ የማይታየው ተማሪ ሰነፍ እየተባለ እንዳይቀር ፊት ወንበር፣ ጎላ ባለ ፊደል የተጻፈ ወረቀትና ለፈተና ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልገዋል።

ቆዳው ደግሞ ከፀሐይ የሚጋርደው ቀለም ስለሌለው ቶሎ ይቃጠላል፤ ጥበቃ ካላገኘም ገና በወጣትነት ለቆዳ ካንሰር ይጋለጣል። ሰፊ ክንፍ ያለው ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ልብስና የፀሐይ መከላከያ ክሬም ከሕፃንነት ጀምሮ ያስፈልጋሉ። ሳምንታት አልፈውት የማይድን ቁስል ካለ ሳይዘገይ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

እንግዲህ ቅጽ ሲሞላ «ብሔር» ከሚለው ፊት የሚጻፈው ልጁ የተወለደበት ቤተሰብ ብሔር ነው። አልቢኒዝሙ የሚጻፈው በጤና ካርዱ ላይ ነው፤ እዚያ ሲጻፍ ዓይኑን የሚመረምርና ቆዳውን የሚከታተል ሐኪም ያስገኝለታል።