ኤልሲ፦ የማይተማመኑ ገዢና ሻጭ እንዴት ይገበያያሉ?

ሌተር ኦፍ ክሬዲት፣ ነጋዴው በአጭሩ ኤልሲ የሚለው፣ በገዢው ጥያቄ ባንክ ለሻጩ የሚገባው የክፍያ ቃል ነው። ሻጩ የተዘረዘሩትን ሰነዶች በተባለው ጊዜ ካቀረበ ባንኩ ይከፍላል።

አንድ የአዲስ አበባ አስመጪ ከሻንጋይ ላኪ በ80 ሺህ ዶላር የውሃ ፓምፕ ሊገዛ ተስማማ እንበል። አስመጪው ቀድሞ ቢከፍል ዕቃው ሊቀርበት ይችላል፤ ላኪው ቀድሞ ቢጭን ደግሞ ገንዘቡ ሊቀርበት ይችላል። ስለዚህ አስመጪው በባንኩ ኤልሲ ይከፍታል፤ ባንኩም በሻንጋይ ባለ ባንክ በኩል ለላኪው ያሳውቃል። ከዚያ በኋላ አስመጪው ሐሳቡን ቢቀይር እንኳ ያለ ላኪው ፈቃድ ኤልሲውን መሰረዝ አይችልም።

ላኪው ፓምፑን ሲጭን ከመርከብ ድርጅቱ ቢል ኦፍ ሎዲንግ የተባለውን የጭነት ሰነድ ይቀበላል። የሰነዱ ጉልበት እዚህ ላይ ነው፤ ለባንኩ ትእዛዝ ተብሎ ከተጻፈ፣ ዋናው ቅጂ በባንኩ ሳይፈረም ጭነቱን መረከብ አይቻልም። ላኪው ያልጫነውን ዕቃ ገንዘብ አይወስድም፤ አስመጪውም ከባንኩ ጋር ሒሳቡን ሳያጠናቅቅ ጭነቱን አይረከብም።

አብዛኞቹ ኤልሲዎች የሚመሩት ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ባወጣውና በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ በሚሠራበት ዩሲፒ 600 ነው። በዚህ ደንብ ባንክ ሰነዶቹን ለመመርመር ቢበዛ አምስት የባንክ የሥራ ቀናት አለው። ኤልሲው የመጨረሻውን የመጫኛ ቀን ጁን 30 ብሎ ሰነዱ ጁላይ 2 ተጭኗል ካለ፣ ፓምፑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ባንኩ አለመክፈል ይችላል። ያኔ የላኪው ዕድል በአስመጪው ይሁንታ ላይ ይንጠለጠላል። ጠንቃቃ ላኪ ኤልሲው እንደደረሰው ቃል በቃል አንብቦ፣ ሊፈጽመው የማይችለው ነገር ካለ ከመጫኑ በፊት እንዲስተካከል ይጠይቃል።

የአስመጪው ትልቁ ስጋት ሌላ ነው፦ ባንክ የሚመረምረው ወረቀት እንጂ ዕቃ አይደለም። በ1941 በኒው ዮርክ በታየ ክርክር አንድ ገዢ፣ ከህንድ የብሩሽ ጸጉር አዝዞ ሻጩ 50 ሣጥን የላም ጸጉርና ቆሻሻ ሞልቶ ጭኗል ሲል ከሰሰ። ሰነዶቹ የሚያሳዩት ግን የታዘዘውን ጸጉር ነበር። ዳኛው፣ ማጭበርበሩ ከክፍያ በፊት ለባንኩ ከተነገረ ሻጩ በሰነዱ ሊከለል አይገባም በማለት ክሱ እንዲቀጥል አደረጉ። ይህ ግን ለከባድ ማጭበርበር የተተወ ጠባብ በር ነው። ፓምፑ ከተባለው አቅም ትንሽ ቢያንስ ባንኩን ማስቆም አይቻልም፤ አስመጪው ሻጩን በሽያጭ ውሉ ይጠይቃል። የሚሻለው፣ ከመጫኑ በፊት ገለልተኛ መርማሪ ዕቃውን አይቶ የሚሰጠውን የምርመራ ሰርተፊኬት ከሚፈለጉት ሰነዶች መካከል ማስገባት ነው።

ላኪውም የአስመጪውን ባንክ ወይም የአገሩን የውጭ ምንዛሪ አቅም ላያምን ይችላል። እንዲህ ሲሆን በራሱ አገር ያለ ባንክ ኤልሲውን ኮንፈርም እንዲያደርግለት ይጠይቃል። የሻንጋዩ ባንክ ይህን ከተቀበለ ሰነዶቹ ትክክል እስከሆኑ ድረስ ራሱ ይከፍላል፤ ከአዲስ አበባው ባንክ ገንዘቡን ማስመለስ የራሱ ጣጣ ይሆናል። ለዚህ የሚጠይቀውን ኮሚሽን ማን እንደሚሸፍን ግን ሁለቱ ነጋዴዎች አስቀድመው መስማማት አለባቸው።