ባዶው ቦርሳ ስንት ይመዝናል?

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ቤት ሲከፈት የቤተሰብን ኪስ ከሚፈትኑት ወጪዎች አንዱ የልጆች ቦርሳ ነው። ደብተሩ፣ የደንብ ልብሱና ጫማው ተገዝቶ ካለቀ በኋላ እናት በተረፈችው ገንዘብ ወደ ገበያ ትወጣለች። ልጅ ሥዕል ያለበትን ይመርጣል፤ እናት ደግሞ ሰፋ ያለውንና ጠንካራ መስሎ የሚታየውን። በሁለቱ ምርጫ መካከል ሳይነሣ የሚታለፍ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ቦርሳው ምንም ሳይገባበት፣ ባዶውን ስንት ይመዝናል የሚለው ነው።

ስለዚህ ጉዳይ እንድንጽፍ ያነሣሣን የአንዲት ሠራተኛ እናት ገጠመኝ ነው። ወይዘሮዋ በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። የ10 ዓመት ዕድሜ ያላትና 4ኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለቻቸው። ባለፈው መስከረም፣ «ለሦስት ዓመት ታገለግላታለች» በሚል ሐሳብ ከሁሉ ትልቁንና ወፍራሙን ቦርሳ መርጠው ገዙላት። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ልጅቱ ማለዳ ማለዳ መነጫነጭ ጀመረች።

«እማዬ፣ ትከሻዬን ያመኛል» ትላለች።

«ተይ እንግዲህ! እኛ በአንቺ ዕድሜ እንስራ ተሸክመን ነው ያደግነው» ይላሉ እናት።

ልጅቱም ዝም አለች፤ ነገር ግን ቦርሳውን በሁለት ትከሻዋ ማንገቷን ትታ በአንዱ ብቻ አንጠልጥላ መሄድ ያዘች። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮዋ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት አምጥተው ወደ ቤት ሲመለሱ፣ በመንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ የሚተዳደር አንድ ልጅ «እናቴ፣ ትመዘን?» ሲል ጠየቃቸው። እንደ ቀልድ ቦርሳዋን እንዳዘለች አወጧት፤ 33 ኪሎ ተኩል። ቦርሳውን አውርደው ብቻዋን ሲመዝኗት 28 ኪሎ ሆነች። ልጅቱ በየቀኑ 5 ኪሎ ተኩል፣ ማለትም የራሷን ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ትሸከም ነበር።

ይህ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ቦርሳ ከልጁ ክብደት ከመቶ ከ10 እስከ 20 እጅ እንዳይበልጥ ይመክራል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣችው የትምህርት ቤት ቦርሳ መመሪያ ግን ልኩን ከመቶ 10 እጅ ላይ አቁሞታል። እንግዲህ ለዚህች ልጅ የሚመረጠው ልክ ወደ 2 ኪሎ ከ800 ግራም ሲሆን፣ ትሸከም የነበረው የዚያን እጥፍ ያህል መሆኑ ነው።

ወይዘሮዋ የሒሳብ ሰው ናቸውና ነገሩን በዚያ አልተዉትም። ዕቃውን ሁሉ ወደ ሰፈራቸው ሱቅ ወስደው አንድ በአንድ አስመዘኑት። አራት መማሪያ መጻሕፍት 1 ኪሎ ከ400 ግራም፣ ዘጠኝ ደብተሮች 1 ኪሎ ከ200፣ ምሳ ዕቃው ከነምግቡ 600፣ ውሃ የተሞላው ኮዳ 800፣ የእርሳስ መያዣው 100 ግራም ሆኑ። በመጨረሻ ባዶውን ቦርሳ ሚዛኑ ላይ ቢያስቀምጡት 1 ኪሎ ከ400 ግራም መዘነ። ለልጅቱ ከሚገባት ሸክም ግማሹን፣ አንድ ደብተር እንኳን ሳይገባበት፣ ቦርሳው ራሱ በልቶት ኖሯል።

በገበያ ላይ ቦርሳ ስንመርጥ የመጀመሪያው ፈተና ይህ ሊሆን ይገባል። ቀለል ካለ የናይለን ወይም የፖሊስተር ጨርቅ የተሠራ የልጅ ቦርሳ ከ500 እስከ 700 ግራም ቢመዝን ነው። ክብደትን የሚያመጡት ወፍራም ሸራ፣ የቆዳ ጥብጣብ፣ የብረት ዘለበትና የማያስፈልግ የኪስ ብዛት ናቸው። ከሥሩ ጎማ ያለውና የሚጎተተውም ቢሆን ጎማውና እጀታው ክብደቱን ይጨምሩበታል፤ ደረጃ ሲያጋጥምና መንገዱ ድንጋይ ሲሆን ልጁ ተሸክሞት ከመሄድ አይድንም።

ሁለተኛው የመጠን ነገር ነው። «ሲያድግ ይበቃዋል» ተብሎ የሚገዛ ልብስ እጅጌው ይታጠፋል፤ ቦርሳ ግን አይታጠፍም። የቦርሳው አናት ከትከሻ በላይ መውጣት የለበትም፤ ግርጌውም ከወገብ በታች ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ባይወርድ ይመረጣል። ወርዱም ከልጁ ጀርባ አይበልጥ። ቦርሳው ዝቅ ብሎ መቀመጫን እየመታ የሚሄድ ከሆነ ወደ ኋላ ይጎትታልና፣ ልጁ ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል አንገቱን አስግጎ ወደ ፊት ያጎነብሳል። ሰፊ ቦርሳ ሌላም ጠንቅ አለው፤ ባዶ ቦታ ባለበት ሁሉ ልጅ የማያስፈልገውን ዕቃ ይጨምርበታል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው ማንገቻው ነው። ማንገቻ ቀጭን ሲሆን ሸክሙ ሁሉ በአንድ ጠባብ መስመር ላይ ያርፍና ትከሻን ይቆርጣል፤ በዚያ የሚያልፉትን ነርቮች ሲጫን እጅን ያደነዝዛል። ስለዚህ በትከሻ ላይ የሚያርፈው ክፍል ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። ውስጡ ያለውን ስፖንጅ ለመፈተን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ይዞ መጫን ይበቃል። ጣቶቹ በጨርቁ ውስጥ የሚነካኩ ያህል ከተሰማ፣ ወይም ተጭኖ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ያ ስፖንጅ ወር ሳይሞላው ይተኛል። የወይዘሮዋ ልጅ ቦርሳውን በአንድ ትከሻዋ ማንጠልጠል የጀመረችውም ምክንያቱ ይኸው ነበር፤ የአንዱ ማንገቻ ስፖንጅ ተኝቶ ጨርቅ ብቻ ቀርቶ ነበርና የሚያማትን ወገን ትሸሽ ነበር።

ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የተያያዘበትን ቦታም ገልበጥ አድርጎ ማየት ነው። በአንድ መስመር ብቻ የተሰፋ ከሆነ አይታመንም። በአራት ማዕዘን ተሰፍቶ መሐሉ በመስቀል የተጠናከረ፣ ወይም ሁለትና ሦስት ጊዜ የተደጋገመ ስፌት ሸክም ይችላል። ከጀርባ በኩልም ጥቂት ስፖንጅ ቢኖረው የመጽሐፍ ጠርዝ ጀርባን አይወጋም።

አሁን ወደ ዚፑ እንምጣ። ዚፕ ከጤና ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖር ይሆናል። ዚፑ የተበላሸ ቦርሳ አፉን ከፍቶ ደብተር ስለሚጥል፣ ልጁ በጀርባው ማዘሉን ትቶ በክንዱ ማቀፍ ወይም በአንድ ጎን ማንጠልጠል ይገደዳል። ያን ጊዜ ስለ ማንገቻው የተደከመው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ብዙ ቦርሳዎችን የጠገኑ አንድ የቦርሳ ሰፊ እንዲህ አሉን፤ «ሰው ዚፕ ሲመርጥ ጥርሱን ያያል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ግን ራሱ ነው።» ራስ የሚሉት ጥርሶቹን እያጋጠመ የሚንሸራተተውን ነው። የራሱ መንጋጋ ሲሰፋ ጥርሶቹን አጥብቆ ማጋጠም ያቅተዋል፤ ዚፑ ተዘግቶ ሳለ ከኋላው ይከፈታል። ይህ ምልክት ሲታይ ብዙዎች ቦርሳውን ይጥሉታል። ነገር ግን የራሱን ሁለት ጎን በፒንሳ ቀስ አድርጎ፣ እኩል እኩል ጠበቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። አጥብቆ መጭመቅ ግን ራሱን ይሰብረዋልና ጥንቃቄ ያሻል።

በሱቅ ውስጥ ዚፑን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሥር ጊዜ ያህል ከፍቶ መዝጋት ነውር የለውም። በተለይ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ልብ ይሏል፤ እዚያ የሚንቀረፈፍ ዚፕ ቦርሳው ሲሞላ አይዘጋም። የውስጡ ገበር ጨርቅ በጥርሱ የሚያዝ ከሆነም ይቅር። በብዙ ዚፖች ራስ ጀርባ ላይ 5፣ 8 ወይም 10 የሚል ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል፤ ቁጥሩ የጥርሱን ወርድ በሚሊ ሜትር በግምት ያመለክታል። ለዋናው አፍ 8 ወይም 10፣ ለኪስ 5 ይበቃል። ከናይለን ክር ተጠምዝዞ የተሠራው ዚፕ መሐሉ ቢከፈት ራሱን ወደ ኋላ መልሶ እንደገና በመሳብ ሊገጥም ይችላል። ጥርስ ጥርሱ ተለያይቶ ከፕላስቲክ የተሠራው ግን አንዱ ጥርስ ከወለቀ በኋላ አይመለስም።

ወይዘሮዋ አሮጌውን ቦርሳ ለታላቅ ወንድሟ አስተላልፈው ሌላ ሊገዙ ሲወጡ፣ ልጅቱንና ሁለት ኪሎ የሚመዝኑ ደብተሮችንና መጻሕፍትን ይዘው ነበር። ባለ ሱቁ ቢገረምም አልከለከላቸውም። በመጨረሻ የተገዛው ቦርሳ ሥዕል የሌለበት፣ ባዶውን 600 ግራም የሚመዝን ነው። መጻሕፍቱን የዕለቱን መርሐ ግብር እያዩ ወደ ሁለት፣ ደብተሮቹን ወደ አምስት አወረዱ፤ ኮዳውም በግማሽ ሊትር ውሃ ተተካ። ከባዱ መጽሐፍ ወደ ጀርባ ተጠግቶ እንዲገባ፣ ሁለቱም ማንገቻዎች ተስበው ቦርሳው ጀርባ ላይ እንዲለጠፍ አስተማሯት። አሁን ሸክሙ 3 ኪሎ ከ200 ግራም ነው። ከመቶ 11 እጅ ያህል ስለሆነ ከጥብቁ ልክ ጥቂት ያልፋል፤ ከቀድሞው ግን 2 ኪሎ ከ300 ግራም ቀንሷል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንገልጽ አናልፍም። ከባድ ቦርሳ አከርካሪን ለዘለቄታው ያጣምማል የሚለው በብዙ እናቶች ዘንድ የሚነገር ስጋት በጥናት አልተረጋገጠም። አብዛኛው የአከርካሪ መጣመም ከቦርሳ የሚመጣ አይደለም። የሸክሙ ጉዳት የትከሻና የአንገት ሕመም፣ የጡንቻ ድካም፣ የእጅ መደንዘዝና በደረጃ ላይ መውደቅ ነው። እንዲህ ሲሆን ቦርሳውን ማቅለል ነገሩን ያረግበዋል። ቦርሳው ወርዶ ጥቂት ቀናት ዐርፎም የማይተው፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሣ የጀርባ ሕመም ካለ ወይም እጅና እግር ከደከመ፣ ነገሩ የቦርሳ አይደለምና ልጁን ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ልብሱን አውልቆ ሲታይ አንዱ ትከሻ ከሌላው ከፍ ብሎ የሚታይ ከሆነም እንዲሁ።

ወላጆች ዛሬ ማታ ሊያደርጉት የሚችሉት ቀላል ነገር አለ። ልጁ ቦርሳውን እንዳዘለ በጎን በኩል ቆሞ ማየት ነው። ቀጥ ብሎ የሚቆም ከሆነ መልካም፤ አንገቱን ካሰገገ ወይም ሲያነሣው እናቱን ከጠራ፣ ቦርሳውን ወደ ሚዛን መውሰድ ነው። ወይዘሮዋ እንደነገሩን ልጃቸው አሁን ትከሻዋን አታነሣም። እርሳቸው ግን እስከ ዛሬ የሚቆጫቸው፣ ያመኛል ስትላቸው ስለ እንስራው የመለሱላት መልስ ነው።