ኮሌታን የሚያጥፈው ካውያ አይደለም

እንጭኒ ደጋ ናት፤ ኮት እዚያ ከጌጥነቱ ይልቅ ለብርድ ይፈለጋል። አሮጌ የሱፍ ኮት ገበያ ላይ ያገኘ ሰው ኮሌታውን ወደ ላይ ገልብጦ የሥሩን ጨርቅ ይመልከት። ኮቱ በእጅ በጥንቃቄ የተሰፋ ከሆነ ጥቃቅን የመርፌ ምልክቶች በረድፍ ተደርድረው ያገኛል። ኮሌታው ካውያ ሳይነካውም ወደ አንገት የሚመለሰው በእነዚህ ስፌቶች ነው።

ኮሌታ ሦስት ድርብ አለው፦ የሥር ጨርቅ፣ መሀል ላይ ጠንካራ ሸራ፣ ከላይ ደግሞ የሚታየው ጨርቅ። ሲታጠፍ የሥሩ ጨርቅ በእጥፉ ውስጥ ይቀራል፤ ሸራው በላዩ ስለሚዞር መንገዱ ይረዝማል። እስከ መጨረሻው ለተገለበጠ እጥፍ የርዝመቱ ልዩነት በሁለቱ መሀል ያለው ርቀት በ3.14 ተባዝቶ ይገኛል። ርቀቱ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሸራው 3 ሚሊ ሜትር ያህል መብለጥ አለበት። የልብስ ሰፊው ሥራ ይህችን ትርፍ ሸራው ውስጥ በክር ማሰር ነው።

ሸራው በኋላ እንዳይሸበሸብ አስቀድሞ ውኃ ነክቶት ይደርቃል። ከዚያ እሱም የሥሩ ጨርቅም በሰያፍ ይቆረጣሉ። ጨርቅ በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ሲጎተት እምቢ ይላል፤ በሰያፍ ግን ክሮቹ እርስ በርስ ስለሚንሸራተቱ አንገትን ተከትሎ ይዞራል።

ቀጥሎ የእጥፉ መስመር ሸራው ላይ በእርሳስ ይሰመራል። ከአንገት ጋር የሚቆመው ክፍል ከኋላ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የሚወርደው 4 ያህል ይሆናል፤ አለዚያ ኮሌታው የተገጠመበት ስፌት ይታያል። ሰፊው ሸራውን ወደ ላይ አድርጎ ሁለቱን ድርብ በግራ እጁ ሌባ ጣት ላይ ያጎብጣል፤ እንደጎበጡም ከእጥፉ መስመር ጀምሮ በረድፍ ይሰፋል። መርፌው ከሥሩ ጨርቅ አንድ ሁለት ክር ብቻ ያነሳል። ስፌቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ጠንከር ማለት ባለበት ቦታ ደግሞ ይበልጥ ይጠጋጋል። ክሩ ከተሳበ ጨርቁ ይጨማደዳል።

ሥራው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከተሰፋ ትርፏ አትገኝም፤ ኮሌታው ጠንካራ ቢሆንም ቅርጽ አይኖረውም። የላይኛው ጨርቅም ለእጥፉ የራሱን ጥቂት ሚሊ ሜትር ካላገኘ የኮሌታው ጫፎች ወደ ላይ ይቀለበሳሉ። በሙቀት የሚጣበቅ ደጋፊ ጨርቅ ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ሙጫው በእጥበትና በካውያ ብዛት ሲለቅ ጨርቁ ላይ አረፋ ይወጣል፤ እሱን መመለስም ያስቸግራል።

ስለዚህ ኮት የሚያሰፋ ሰው ለሙከራ ሲጠራ የላይኛው ጨርቅ ከመገጠሙ በፊት ኮሌታውን ይጠይቅ። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ በራሱ የሚጎብጥ ከሆነ ሥራው ይቀጥል፤ ዝርግ ብሎ ከተኛ ግን ተፈትቶ እንደገና ይሰፋ። ከዚያ በኋላ የሚደረግ የካውያ ጥገና ብዙ አይቆይም።