ያውቁ ኖሯል? ሻርኩንና ሰውየውን የምትለየው ጭረት

ያውቁ ኖሯል? በእንግሊዝኛ «ማን-ኢቲንግ ሻርክ» ተብሎ ሲጻፍ ሰው በላ ሻርክ ማለት ነው፤ ሲያዩት ይሸሹታል። መካከል ያለችውን ጭረት አንስተው «ማን ኢቲንግ ሻርክ» ብለው ቢጽፉት ግን ሻርክ የሚበላ ሰው ይሆናል፤ ምግብ ቤት ውስጥ አጠገቡ ቢቀመጡም አያስፈራም። አንድም ፊደል አልተለወጠም፣ የቃላቱም ቅደም ተከተል ያው ነው። በላተኛውንና ተበዪውን ያቀያየረችው ጭረቷ ብቻ ናት። ስሟ ሃይፈን ነው። ከነጠላ ሰረዛችን ጋር ዝምድና የላትም፤ ነጠላ ሰረዝ ሐሳብን ሲለይ ሃይፈን ቃላትን ታጋባለች። ስትጻፍም ብዙውን ጊዜ በግራም በቀኝም ክፍት ቦታ አይተውላትም።

ያውቁ ኖሯል? ታዋቂ ደራሲ በእንግሊዝኛ «ኤ ዌል-ኖውን ኦተር» ሲሆን ሃይፈን አለው፤ «ዚ ኦተር ኢዝ ዌል ኖውን» ሲሆን ግን ሃይፈን የለውም። ቃላቱ አንድ ናቸው፤ የተለያየው ቦታቸው ነው። ምክንያቱ ከአንባቢው ዓይን ጋር የተያያዘ ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ «ኤ» የምትለዋን ቃል ካየ በኋላ ስም ይጠብቃል። ቀጥሎ «ዌል» ሲመጣ ደግሞ ይህ ቃል ብቻውን የውኃ ጉድጓድ ማለትም ስለሆነ፣ ለአንድ አፍታ «አንድ የውኃ ጉድጓድ» ብሎ ሊያነብ ይችላል። ሃይፈኗ «ቆይ፣ ቃሉ ገና አላለቀም፣ ከሚቀጥለው ጋር አብረህ አንብበው» ትለዋለች። በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ግን ደራሲው ቀድሞ ተጠርቷል፣ ግሡም መጥቷል። ከኋላ የሚጠበቅ ስም ስለሌለ የሚምታታም ነገር የለም። ስለዚህ ሕጉ በአጭሩ ይህ ነው፤ ጥምር ቅጽል ከስሙ ሲቀድም ሃይፈን ይገባዋል፣ ከግሡ በኋላ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ አይገባውም።

ያውቁ ኖሯል? ይህን ሥራ በአማርኛ የምትሠራልን «የ» ናት። «ትልቅ የመኪና ነጋዴ» ስንል ትልቁ ሰውየው ነው። «የትልቅ መኪና ነጋዴ» ስንል ደግሞ ትልቁ መኪናው ነው። «የ» አንድ ቃል ወደ ግራ ስለተሳበች ብቻ ትልቅነቱ ከነጋዴው ወደ መኪናው ተሻገረ። እንግሊዝኛ በእንዲህ ያለው ቦታ «የ»ን የሚተካ ቃል አያስገባም፤ ቃላቱን እንደ ባቡር ፉርጎ ደርድሮ ያልፋል። «ስሞል ቢዝነስ ኦውነር» ያለ ሃይፈን ሲጻፍ ለሁለት ትርጉም ክፍት ነው፤ የአነስተኛ ንግድ ባለቤት ወይስ ትንሽዬ የንግድ ባለቤት? «ስሞል-ቢዝነስ ኦውነር» ሲባል ያነሰው ንግዱ እንጂ ባለቤቱ አለመሆኑ ይታወቃል።

ያውቁ ኖሯል? ከዚህ የተነሳ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚሆን ቀላል መፈተኛ አለ። ስምን ስለሚገልጹ ሁለት ቃላት ሲጠራጠሩ ሐረጉን ወደ አማርኛ ይመልሱትና «የ» የት እንደወደቀች ይዩ። ከመጀመሪያው ቃል ፊት ቆማ ሁለቱንም አብራ ካቀፈች ሁለቱን ቃላት በሃይፈን ያያይዟቸው። በመካከላቸው ከወደቀች ይተዉት። መፈተኛው ግን ገደብ አለው። በጣም የተለመዱ ጥንዶች ሃይፈን ሳያስፈልጋቸው ይኖራሉ። «ሃይ ስኩል ቲቸር» ሲባል የሁለተኛ ደረጃ መምህር መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ረጅም ቁመት ያለው የትምህርት ቤት መምህር ብሎ የሚያነብ የለም። «ሪል እስቴት ኤጀንት»ም እንዲሁ ነው። ሃይፈን የምትጠራው ጥርጥር ሲኖር ነው።

ያውቁ ኖሯል? በ«-ሊ» የሚያልቅ ተውሳከ ግሥ ሃይፈን አይፈልግም። «ኤ ሃይሊ ፔይድ ማናጀር»፣ ማለትም ከፍተኛ ደመወዝ የሚከፈለው ሥራ አስኪያጅ፣ ያለ ሃይፈን ይጻፋል። «ሃይሊ» ተውሳከ ግሥ መሆኑን ጅራቱ ይናገራል፤ ተውሳከ ግሥ ደግሞ ስምን ስለማይገልጽ ሥራ አስኪያጁን ሊይዝ አይችልም፤ የሚይዘው «ፔይድ»ን ብቻ ነው። ጥርጥር ከሌለ ጭረትም የለም። «ዌል» ግን እንዲህ ያለ ጅራት ስለሌለው ሃይፈን ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። በ«-ሊ» የሚያልቅ ሁሉ ተውሳከ ግሥ አይደለም። «ፋሚሊ» ስም ነው፤ ስለዚህ የቤተሰብ ንብረት የሆነ ሆቴል «ኤ ፋሚሊ-ኦውንድ ሆቴል» ተብሎ በሃይፈን ይጻፋል። «ፍሬንድሊ»ም ቅጽል ነው፤ ፊቱ ተግባቢ የሚመስል ውሻ «ኤ ፍሬንድሊ-ሉኪንግ ዶግ» ነው።

ያውቁ ኖሯል? «ቱ ሀንድረድ ዪር ኦልድ ትሪስ» የሚለው የአምስት ቃላት ሐረግ ስለ ሦስት የተለያዩ ደኖች ሊናገር ይችላል። አራቱን የመጀመሪያ ቃላት በሙሉ በሃይፈን ብናያይዛቸው፣ «ቱ-ሀንድረድ-ዪር-ኦልድ ትሪስ»፣ ዛፎቹ የሁለት መቶ ዓመት ናቸው፤ ስንት እንደሆኑ ግን አልተነገረንም። «ቱ»ን ለብቻዋ ብንተዋት፣ «ቱ ሀንድረድ-ዪር-ኦልድ ትሪስ»፣ ሁለት የመቶ ዓመት ዛፎች ይሆናሉ። «ቱ ሀንድረድ»ን አንድ ላይ ለቀን «ዪር-ኦልድ»ን ብቻ ብናያይዝ ደግሞ ሁለት መቶ የአንድ ዓመት ችግኞች ናቸው። አሁን አማርኛውን ይመልከቱ፤ «የሁለት መቶ ዓመት ዛፎች»፣ «ሁለት የመቶ ዓመት ዛፎች»፣ «ሁለት መቶ የአንድ ዓመት ዛፎች»። በእንግሊዝኛው የሃይፈኑ ሰንሰለት በጀመረበት ቦታ ሁሉ በአማርኛው «የ» ቆማለች።

ያውቁ ኖሯል? ዕድሜ በቅጽልነት ሲመጣ የብዙ ቁጥሯ «ስ» ትወድቃለች። የአምስት ዓመት ልጅ «ኤ ፋይቭ-ዪር-ኦልድ ቦይ» ነው፤ «ዪርስ» አይባልም። ከግሥ በኋላ ግን «ዘ ቦይ ኢዝ ፋይቭ ዪርስ ኦልድ» ሲባል «ስ» ትመለሳለች፣ ሃይፈኖቹ ይሄዳሉ። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል ብለው ቢይዙት አይጠፋዎትም። በብዛት የሚታየው ስሕተት ግማሽ ሥራ ነው፤ «ፋይቭ-ዪር» ላይ ሃይፈን አግብቶ «ኦልድ»ን ለብቻው መተው። ያኔ ዐረፍተ ነገሩ ስለ አንድ ያረጀ ልጅ የሚያወራ ይመስላል። የሚገርመው፣ «ልጅ» የሚለው ቃል ተትቶ «ኤ ፋይቭ-ዪር-ኦልድ» ብቻ ቢባልም ሃይፈኖቹ አይነሱም፤ ሐረጉ ራሱ ስም ሆኗልና።

ያውቁ ኖሯል? በአየር ላይ ተንጠልጥላ የምትቀር ሃይፈንም አለች። የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ለማለት «ስሪ- ኤንድ ፎር-ዪር-ኦልድ ችልድረን» ተብሎ ይጻፋል። ከ«ስሪ» በኋላ ያለችው ሃይፈን ተረስታ የቀረች አይደለችም፤ «ጓደኛዬ ወደፊት ነው ያለው፣ ጠብቁኝ» እያለች ነው። በርቀት ያለውን «ዪር-ኦልድ» ሳይደገም ትጋራዋለች።

ያውቁ ኖሯል? ለሥራ ማመልከቻ የሚጻፍ አንድ ገጽ ላይ ይህ ሕግ ደጋግሞ ይመጣል። የሙሉ ጊዜ ሥራ «ኤ ፉል-ታይም ጆብ» ነው፤ ሙሉ ጊዜ እሠራለሁ ለማለት ግን «አይ ወርክ ፉል ታይም» ያለ ሃይፈን ይጻፋል። ማስታወቂያ አውጪውም አይቀርለትም። «ሞር ኤክስፒሪየንስድ ቲቸርስ» እንፈልጋለን ሲል ልምድ ያላቸው መምህራን አሉት፣ ተጨማሪ ይፈልጋል ማለት ነው? ወይስ ያሉት ልምዳቸው አልበቃም፣ የተሻለ ልምድ ያላቸው ይምጡ ማለቱ ነው? ሁለተኛውን ከፈለገ «ሞር-ኤክስፒሪየንስድ» ብሎ ማያያዝ አለበት። አሁን ያሉት መምህራን በሰላም ማደራቸው በዚያች ጭረት ላይ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ስለ ሃይፈን የእንግሊዝኛ ሊቃውንት ራሳቸው አይስማሙም። የአሜሪካ ጋዜጠኞች የሚመሩበት የአሶሺየትድ ፕሬስ የአጻጻፍ መመሪያ ለረጅም ጊዜ «ኢዝ» ከሚለው ግሥ በኋላም «ዌል-ኖውን» በሃይፈን ይጻፍ ይል ነበር። በ2019 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ሐሳቡን ለውጦ ከስም በፊት ብቻ አለ። በዚያው ዓመት ሌላም ነገር ሞከረ፤ ትርጉሙ ግልጽ ከሆነ ሃይፈን ይቅር በማለት «ፈርስት ኳርተር ተችዳውን» የሚለውን የስፖርት ሐረግ ያለ ሃይፈን ጻፈው። አንባቢዎችና አራሚዎች ቅሬታ አሰሙ፤ ወራት ሳይቆይ ሃይፈኗ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ያውቁ ኖሯል? ያው መመሪያ በዚያው በ2019 «አፍሪካን አሜሪካን» ከሚለው ስያሜ ላይ ሃይፈኗን አነሳ። ይህች ጭረት ታሪክ ነበራት። በ1915 ቴዎዶር ሩዝቬልት ኒው ዮርክ ላይ ባደረገው ንግግር «ሃይፈን ያለባቸው አሜሪካውያን» ሲል ሁለት አገር ልባቸው ውስጥ ይዘዋል ያላቸውን ስደተኞች ነቅፏል። ጭረቷ ግማሽ ዜጋ የማለት ጥላ ስለነበራት ነው የተነሳችው። ዛሬ በዋሽንግተን አካባቢ ያለ ወገን ራሱን «ኢትዮጵያን አሜሪካን» ብሎ በዚህ መመሪያ ሲጽፍ የመጀመሪያው ቃል ሁለተኛውን እንደ ተራ ቅጽል ይገልጸዋል፤ አሜሪካዊ ነው፣ ኢትዮጵያዊው።

ያውቁ ኖሯል? ሃይፈን ልታረጅና ጡረታ ልትወጣ ትችላለች። በ2007 ሾርተር ኦክስፎርድ የተባለው መዝገበ ቃላት በስድስተኛ እትሙ 16 ሺህ ያህል ቃላትን ከሃይፈን አላቀቀ። ግማሾቹ ተለያዩ፣ ለምሳሌ «አይስ ክሬም»። ግማሾቹ ተዋሐዱ፣ ለምሳሌ የንብ ዓይነት የሆነችው «በምብልቢ»። እነዚህ በአብዛኛው ራሳቸውን የቻሉ ስሞች ናቸው። «ዌል-ኖውን ኦተር» ውስጥ ያለችው ሃይፈን ግን ያን ያህል አልተነካችም፤ የእርሷ ሥራ ጌጥ ሳይሆን ማን ማንን እንደሚገልጽ መናገር ነውና።

ያውቁ ኖሯል? ስሟ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «በአንድ ሥር፣ አንድ ላይ» ማለት ነው። የጥንት ግሪኮች ቃላትን ሳይለያዩ ያያይዙ ስለነበር አንባቢው ሁለት ቃል ብሎ እንዳይቆርጥ የሰዋስው ሊቃውንቱ ከፊደላቱ ሥር እንደ ቀስት የጎበጠች መስመር ያሰምሩ ነበር። የእኛ አባቶች ደግሞ በተቃራኒው ቃል ከቃል እንዳይጣበቅ በመካከል ሁለት ነጥብ አስቀመጡ። አንዱ መያያዙን ምልክት አደረገለት፣ ሌላው መለያየቱን። የሁለቱም ጭንቀት ግን አንድ ነበር፤ አንባቢው ሰው በላውን ሻርክ ሻርክ በላ ሰው አድርጎ እንዳያነበው።